የእናቴን የግፊትና የስኳር ደብተር ለቀጠሮ ወደ አንድ ገጽ ማሳጠር

የጓሳ ልጅ · ሰኞ፣ ማታ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ መሐል ሜዳ ነው የምትኖረው፣ 64 ዓመቷ ነው። ግፊትም ስኳርም አለባት። ክትትሏ እኔ ባለሁበት ደብረ ብርሃን ስለሆነ በየሁለት ወሩ ትመጣለች። ቤት ውስጥ ታናሽ እህቴ እየለካች በደብተር ትጽፍላታለች።

ባለፈው ቀጠሮ ደብተሩን ይዘን ገባን። ሐኪሙ ሁለት ገጽ ገለጥ ገለጥ አደረገና "ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ" ብሎ መለሰልን። ውጭ ኮሪደሩ ሞልቶ ነበር፣ አልፈርድበትም። ግን እህቴ በዚያ ብርድ ጠዋት ጠዋት እየተነሳች ሁለት ወር ሙሉ የጻፈችው ነገር በአንድ ደቂቃ ሲታለፍ አንጀቴን በላኝ።

ቀጣዩ ቀጠሮ የሚመጣው ሳምንት ረቡዕ ነው። የ8 ሳምንት ደብተር አለኝ። በየሳምንቱ ጨምቄ አንድ ገጽ ግራፍ ላደርገው እፈልጋለሁ። ኤክሴል ትንሽ ትንሽ እችላለሁ። ምን ላስቀር፣ ምን ላስገባ? ለናሙና የአምስተኛውን ሳምንት ልገልብጠው፦

```
ሰኞ     ጠ 148/86   ማ 128/78   ስኳር 164
ማክሰኞ  ጠ 152/88   ማ 132/80
ረቡዕ    ጠ 146/84   ማ 126/76
ሐሙስ   ጠ 150/90   ማ 130/80   ስኳር 58
ዓርብ    ጠ 154/88   ማ 131/79
ቅዳሜ   ጠ 149/85   ማ 127/77   ስኳር 172
እሑድ    ጠ 151/87   ማ 129/78
```

ስኳሩ ጠዋት ምንም ሳትቀምስ የሚለካ ነው። ስትሪፕ ስለሚወደድ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው የምትለካው።

ሒሳብ ሠራተኛው · ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ወንድሜ ይሄ ቀላል ነው። የሳምንቱን ሁሉ አማካይ አውጣ። ሠራሁልህ፦ ግፊቷ 140/83፣ ስኳሯ 131። ስምንቱንም ሳምንት እንዲህ አድርገህ አንድ መስመር ግራፍ ላይ ጣለው። ሐኪም ቁጥር ሲበዛበት አይወድም፤ በሳምንት አንድ የግፊት፣ አንድ የስኳር ቁጥር ይበቃዋል። ስኳሯ 131 ከሆነ ደግሞ ደስ ይበልህ፣ በደንብ ይዛዋለች ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። 148/86 ብለህ በአንድ ሴል ውስጥ አትጻፍ። ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ነው የሚያየው፣ አማካይ አያወጣልህም። የላይኛውን በአንድ ዓምድ፣ የታችኛውን በሌላ ዓምድ አድርገው። ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር ስትጽፍ ተጠንቀቅ። ኤክሴል ጳጉሜን አያውቅም፣ 12/8 ብትለው የፈረንጅ ቀን ያደርግብሃል። ሳምንት 1፣ ሳምንት 2 እያልክ ብትሄድ ይሻላል።

የአንኮበር በር · ሰኞ፣ ማታ 3፡05

150 እኮ ብዙ ነው! አማቴ እንዲህ ሆና ክኒኑን ከአንድ ወደ ሁለት ስታደርገው ወረደላት። እስከ ቀጠሮ ምን አስጠበቃችሁ?

ሲስተር ከክትትል · ሰኞ፣ ማታ 4፡20

የአንኮበር በር፣ አሳቢነትህ ይገባኛል፣ ግን ጥያቄው እሱ አይደለም። ክኒን ያለ ሐኪም አይጨመርም። የእኚህ እናት የማታ ግፊት በአማካይ 129 ነው፤ በራሳችሁ ብትደርቡባቸው ማታ ሲነሱ ሊወድቁ ይችላሉ።

አሁን ወደ ደብተሩ። እኔ ሥር የሰደደ ሕመም ክትትል ላይ ነው የምሠራው። እንዲህ ያለ ደብተር በየቀኑ አያለሁ። ሒሳብ ሠራተኛው፣ የዓምዱ ምክርህ ልክ ነው። አማካዩ ግን ሁለት ነገር ደብቋል፤ አንዱ አደገኛ ነው።

መጀመሪያ ስኳሩን እንይ። 164፣ 58፣ 172። ሲደመር 394፣ ለሦስት ሲካፈል 131። ወረቀቱ ላይ 131 ብቻ ከተጻፈ ሐኪሙ ደስ ብሎት ያልፈዋል። እውነቱ ግን እኚህ እናት በዚያ ሳምንት አንድም ቀን 131 አካባቢ አልነበሩም። ሁለት ቀን ከፍ ብለዋል፣ አንድ ቀን ደግሞ ከ70 በታች ወርደዋል። 58 ዝቅ ያለ ስኳር ነው፤ በ64 ዓመት ሰው ላይ ቀልድ አይደለም። ከፍ ያለውና ዝቅ ያለው ተጣፍተው ደህና የሚመስል ቁጥር ወጣ። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ጊዜ ብቻ ለተለካ ስኳር አማካይ አታውጣ። 8 ሳምንት በሦስት 24 ነጥብ ነው፣ ሁሉም አንድ ገጽ ላይ ይገባል። እያንዳንዱን ነጥብ አስቀምጠው፣ 70 ላይ መስመር አስምር፣ ከመስመሩ በታች ያለውን በቀይ ክበብ።

ግፊቱ ሌላ ነው። ግፊት ከደቂቃ ደቂቃ ስለሚለዋወጥ አማካይ ያስፈልገዋል። ግን ጠዋትና ማታን ለየብቻ። ጠዋት 150/87፣ ማታ 129/78 ነው የሚመጣልህ። ቤት ውስጥ ለሚለካ ግፊት 135/85 ነው ልኩ፤ ጠዋቷ ከልኩ በላይ፣ ማታዋ ከልኩ በታች ነች። ሁለቱን ስትቀላቅላቸው 140/83 የሚባል፣ በጠዋትም በማታም የሌለ ግፊት ፈጠርክ። ለሐኪሙ ልዩነቱ ራሱ ነው ወሬው።

ሁለት ነገር ልጠይቅህ። ደብተሩ ዳር ላይ የተጻፈ ነገር አለ? የጠዋቱስ ግፊት የሚለካው ምን ከተደረገ በኋላ ነው?

ሒሳብ ሠራተኛው · ሰኞ፣ ማታ 4፡35

ሲስተር እሺ፣ የስኳሩን ተቀብያለሁ። ሦስቱን ቁጥር ጎን ለጎን ሳላይ ነው የደመርኩት። የግፊቱን ግን አሁንም በሳምንት አንድ ቁጥር ቢሆን ይቀላል ባይ ነኝ፣ ስምንት ሳምንት በሁለት 16 ነጥብ ይሆናል እኮ።

ሲስተር ከክትትል · ሰኞ፣ ማታ 4፡41

16 ነጥብ በሁለት ቀለም ለዓይን ቀላል ነው። ጠዋት ሰማያዊ፣ ማታ ጥቁር። አላበዛሁበትም።

የጓሳ ልጅ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡50

ሲስተር እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሌሊቱን ደብተሩን እንደገና ገለበጥኩት። ዳር ዳሩን ቁጥር ስላልሆነ ትቼው ነበር። ሐሙስ 58 ያለበት ዳር ላይ እህቴ በእርሳስ "ላብ አላት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ሻይ በስኳር ጠጣች" ብላለች። አንዴ ብቻ መስሎኝ ነበር፣ ሦስት አገኘሁ። ሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ 66። አምስተኛው ሳምንት ሐሙስ 58። ሰባተኛው ሳምንት ቅዳሜ 63።

ሐሙስ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ። የረቡዕና የዓርብ ጾም ማግስት ናቸው! እናቴ እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች፣ ማታም ብዙ አትበላም፣ ክኒኗን ግን እንደወትሮው ትውጣለች። ለስኳሩ የምትወስደው ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ ነው። ሌሎቹ ሐሙሶችና ቅዳሜዎች ግን ደህና ናቸው፣ እንደውም ከፍ ያሉ አሉ። ምን እንደሚለያቸው አላወቅኩም።

የጠዋቱ ግፊት ደግሞ እህቴን በስልክ ጠየቅኳት። ኪዳን አድርሳ ስትመለስ ነው የምትለካት። ከቤተ ክርስቲያኑ ቤታችን ድረስ ዳገት ነው። እንደገባች በሹራቧ ላይ ይጠመጠምላታል፣ ብርድ ስለሆነ አታወልቅም።

ሲስተር ከክትትል · ማክሰኞ፣ ቀን 6፡30

አየህ፣ ይሄ ከቁጥሩ ይበልጣል። ቀኑን በአማካይ ብታጠፋው የጾሙ ነገር አይታይህም ነበር። ግሊቤንክላሚድ በልተውም ሳይበሉም ስኳር የሚያወርድ ክኒን ነው። ምክንያቱ ጾሙ ነው ብለህ ግን ወረቀቱ ላይ አትፍረድ። ከሦስቱ ቀይ ነጥቦች አጠገብ "የጾም ማግስት" ብለህ ጻፍ፣ ሌላውን ሐኪሙ ይጠይቃቸው። እስከዚያው ምልክቱ ከመጣ እህትህ ያደረገችው ልክ ነው፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ወይም በሻይ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ መልሶ መለካት። ሦስት ጊዜ ስለወረዱ ደግሞ ቀጠሮውን ሳትጠብቅ ዛሬውኑ ለክትትል ክፍሉ ደውልና ንገር።

የግፊቱ ግን ከዳገት እንደተመለሱ፣ በሹራብ ላይ፣ በብርድ ከተለካ ጠዋቷ 150 ይሁን አይሁን አይታወቅም። ሦስቱም ከፍ ያደርጉታል። ከነገ ጀምሮ እንዲህ ይሁን። ጠዋት ኪዳን ከመሄዳቸው በፊት፣ ክኒን ሳይውጡ፣ ሽንት ቤት ሄደው፣ ጀርባቸውን ተደግፈው 5 ደቂቃ ይቀመጡ። እግር መሬት ይርገጥ፣ አይጠላለፍ። ክንዳቸው በባዶው፣ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ቁመት። ሹራቡን ሙሉ ማውለቅ አያስፈልግም፣ አንዱን እጅጌ ያውጡና ጋቢ ይደርቡ። ሁለት ጊዜ በ1 ደቂቃ ልዩነት ይለካ፣ ሁለቱም ይጻፉ። እየለኩ ወሬ የለም።

የድሮውን የጠዋት ቁጥር ግን አትጣለው። በሌላ ምልክት አድርገውና "ከመንገድ እንደተመለሰች" ብለህ ጻፍበት።

ቆላው (ሸዋ ሮቢት) · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡15

እኔም አባቴን የምከታተለው በኤክሴል ነው። አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ ቀን ሌሊት የስኳሩ ማሽን ቁጥር አላወጣም፣ LO አለ። ሰውየው ራሱን ሊስት ምንም አልቀረውም ነበር፣ በማር አተረፍነው። እኔ በማግስቱ LO ብዬ እንዳለ ሴሉ ውስጥ ጻፍኩት። ወሩ ሲያልቅ አማካዩ ቆንጆ ሆኖ ወጣ። የከፋው ሌሊት አልተቆጠረም ለካ!

ሌላ ደግሞ፣ እኛ ጋ ሙቀት ነው። የስትሪፑን ዕቃ ክዳኑን ከፍተን መስኮት ላይ አስቀምጠን ነበር፣ ቁጥሩ ከነበረው ተለዋወጠብን። አዲስ ስንከፍት ተስተካከለ። ሸንኮራ የነካ ጣት ሳይታጠብ ከተወጋ ደግሞ በጣም ከፍ ያለ ቁጥር ያወጣል፣ እሱን በልጄ ጣት ሞክሬ አይቻለሁ። የጓሳ ልጅ፣ ብቻውን ያፈነገጠ ቁጥር ካለህ ይህንንም ጠይቅ።

ሒሳብ ሠራተኛው · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡50

ቆላው ልክ ነህ፣ AVERAGE ጽሑፍን ይዘለዋል። COUNTIFS "<70" ብትለውም አይቆጥረውም። LO ያለበትን ቀን ለብቻ በእጅ ምልክት ማድረግ ነው መፍትሔው። በግምት ቁጥር አትተኩበት።

የጓሳ ልጅ፣ ትናንት ያበላሸሁትን ላስተካክል። A ሳምንት፣ B "ጠ" ወይም "ማ"፣ C የላይኛው፣ D የታችኛው፣ E ስኳር፣ F ማስታወሻ ይሁን። ማስታወሻውን ዓምድ እንዳትተወው። ከዚያ ለአምስተኛው ሳምንት፦

```
=AVERAGEIFS(C:C,A:A,5,B:B,"ጠ")
=AVERAGEIFS(D:D,A:A,5,B:B,"ጠ")
=COUNTIFS(A:A,5,B:B,"ጠ",C:C,">0")
=COUNTIFS(A:A,5,E:E,"<70")
```

ሦስተኛው ስንት ጊዜ እንደተለካ ነው የሚነግርህ። ሁለቴ ብቻ የተለካበት ሳምንትና ሰባቴ የተለካበት ሳምንት እኩል መምሰል የለባቸውም፣ ቁጥሩን ከነጥቡ ሥር ጻፈው። "ጠ" ስትጽፍ ከኋላው ባዶ ቦታ እንዳይገባብህ፤ ከገባ ያንን መስመር ይዘለዋል፣ ምንም ሳይነግርህ። በዚህ በሦስተኛው ቀመር ነው የሚታወቀው፤ ደብተሩ ላይ 7 ሆኖ እሱ 6 ካለህ አንዱ ጠፍቷል።

የጓሳ ልጅ · ረቡዕ፣ ማታ 2፡00

ትናንት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ነርስ ለሐኪሙ ነግራ መልሳ ደወለችልኝ፤ ቀጠሮው ባለበት ይሁን፣ በጾም ቀን ማታ ሳትበላ የማታውን ግሊቤንክላሚድ እንዳትውጥ ብሏል።

ኤክሴሉን ጀመርኩት፣ ግን ሰዓቱ ላይ ተጠምጄአለሁ። እህቴ አንዳንዱን በእኛ ሰዓት 1፡00 ብላ ጽፋለች። አንዳንዱን ከማሽኑ ገልብጣ 7፡00 ብላለች። "ጠ" ወይም "ማ" ያልተጻፈበት 7፡00 የማሽኑ ከሆነ ጠዋት 1 ሰዓትም ማታ 1 ሰዓትም ሊሆን ይችላል፣ የእኛ ከሆነ ደግሞ ቀን 7 ሰዓት። እንዲህ ዓይነት 11 መስመር አለኝ።

አስተማሪዋ ከሰላ ድንጋይ · ረቡዕ፣ ማታ 2፡25

የግፊቱ ማሽን ውስጥ ያለውን ማስታወሻ አስከፍታት። M የሚል ቁልፍ አለው፣ የኋላውን ቁጥር ከነሰዓቱ ያሳያል። 19:00 ካለ ወይም ከጎኑ PM ካለ ማታ ነው። ግን መጀመሪያ የማሽኑ ሰዓት ራሱ ልክ መሆኑን ትይ። ባትሪ ሲቀየር ሰዓቱ ከዜሮ የሚጀምር ማሽን አለ። ያልተፈታ መስመር ካለ ወይ ጠዋት ወይ ማታ ብለህ አትገምት፣ ከአማካዩ አውጣውና "ሰዓቱ ያልታወቀ 3" ብለህ ከሥር ጻፈው።

ደግሞ ኤክሴሉ ካስቸገረህ ተወው። እኔ ለባለቤቴ የምሠራው በባለካሬ ደብተር ነው። ከላይ ግፊት፦ ከ100 ይጀምራል፣ አንድ ካሬ 10 ነው፣ 135 ላይ በማስመሪያ ቀይ መስመር። ከታች ስኳር፦ ከ40 ይጀምራል፣ አንድ ካሬ 20፣ 70 ላይ ቀይ መስመር። ግፊቱ በየሳምንቱ ሁለት ነጥብ፣ ስኳሩ የተለካው ሁሉ። አንድ ማታ ይበቃል። ሁለቱን አንድ መስመር ላይ አታደባልቅ፣ የግፊት 150ና የስኳር 150 ዝምድና የላቸውም።

ሲስተር ከክትትል · ረቡዕ፣ ማታ 3፡10

አስተማሪዋ ያለችው ይሻላል፣ በስልክ ከማሳየትም ይሻላል። ስልክ ላይ ያለ ግራፍ እጃችሁ ላይ ይቀራል፣ ወረቀቱ ግን ካርዱ ውስጥ ይገባል። ሁለት ኮፒ ያዝ። ከግራፉ ሥር የሚወስዱትን መድኃኒት ከነሚሊግራሙ፣ ከነሰዓቱ ጻፍ፤ ያልዋጡበት ቀን ካለም። ከአናቱ ላይ ደግሞ በአንድ መስመር ዋናውን፦ "በ8 ሳምንት 3 ጊዜ ስኳር ከ70 በታች፣ ሦስቱም በጾም ማግስት።" ሐኪሙ ሌላ ባያነብ እሱን ያነባል።

የአንኮበር በር · ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡30

ይቅርታ፣ መጀመሪያ ጥያቄውን ሳልረዳ ነው የገባሁት። አማቴን ማታ ማታ ለክተናት አናውቅም፣ ሁሌ ጠዋት ነው። ደብል ስታደርግ ማታ ምን ላይ እንደምትሆን ዛሬ እናያለን።

ሲስተር ከክትትል · ሐሙስ፣ ቀን 7፡00

እዩ፣ ቁጥሩንም ይዛችሁ ወደ ሐኪሟ ሂዱ። ስትነሳ የሚያዞራት ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ።

የጓሳ ልጅ · በሳምንቱ ረቡዕ፣ ማታ 1፡40

ገብተን ወጣን። በእጅ ነው የሠራሁት፣ ባለካሬ ወረቀት ላይ፣ እስክሪብቶ ሦስት ቀለም። ሰዓታቸው ካልታወቀው 11 መስመሮች 8ቱን ከማሽኑ አገኘን፣ ሦስቱን አወጣኋቸው።

ሐኪሙ ወረቀቱን ሲቀበለኝ ዓይኑ ቀጥታ ቀይዋ ላይ ሄደ። 58ን በእስክሪብቶ ነካ አደረገና ወደ እናቴ ዞሮ "እማማ፣ በዋዜማው ማታ ምን በሉ?" አላት። እናቴ አስታወሰች። ሐዘን ቤት ውላ፣ አምሽታ ገብታ፣ ክኒኗን ውጣ እንዲሁ ተኛች። የሰባተኛውን ሳምንት ስትጠየቅም ዓርቡን ደክሟት ሳትበላ መተኛቷን ተናገረች። ሁለተኛው ሳምንት ግን አልታወሳትም። እኔ ይህን ሁሉ ከእሷ ሰምቼው አላውቅም ነበር። የማታዋን ግሊቤንክላሚድ አቆመላት፣ የጠዋቷ ባለችበት ናት። ሰኞና ቅዳሜ ላይ ከፍ የሚለውን ደግሞ ደም ወስደው የሦስት ወሩን ስኳር እንዲያዩ ላከን፣ ውጤቱ ገና ነው።

ግፊቱ ላይ መድኃኒት አልቀየረም። በአዲሱ አለካክ የያዝነው የ7 ቀን ጠዋት ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ትቼ የስድስቱ አማካይ 138/82 መጣ። ከ150 ወርዷል፣ ግን ከ135 አልወረደም። ሁለት ሳምንት በዚሁ አለካክ ቀጥሉና አምጡልኝ አለ። አምሎዲፒኗን ከጠዋት ወደ ማታ ብናዞረው ብዬ ጠየቅኩት፣ እሱንም የሁለቱን ሳምንት ካየሁ በኋላ ነው አለ።

ሒሳብ ሠራተኛው · ረቡዕ፣ ማታ 2፡05

እግዚአብሔር ይመስገን። የመጀመሪያውን ቀን ለምን ተውከው ግን? ያለን 7 ቀን ብቻ ሆኖ አንዱን መጣል አልገባኝም።

ሲስተር ከክትትል · ረቡዕ፣ ማታ 2፡50

የመጀመሪያው ቀን ሰው አዲስ ነገር ሲያደርግ ስለሚጨነቅ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ከአማካዩ ይወጣል። ወረቀቱ ላይ ግን ነጥቡ ይታይ።

የጓሳ ልጅ፣ እናትህን ሰላም በልልኝ። ለእህትህ አንድ ነገር ንገራት፤ ከቁጥሩ ጎን "በልታለች" ወይም "አልበላችም" የሚል ቃል ትጨምር። ማታ ማታ፣ ክኒኑ ከመዋጡ በፊት።

የጓሳ ልጅ · ረቡዕ፣ ማታ 3፡00

አሁኑኑ ደወልኩላት። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ዐቢይ ጾም ሲገባ በየቀኑ እስከ 9 ሰዓት ልትጾም ነው፣ ተይ ብትባልም አትተውም። ያኔ "የጾም ማግስት" የሚለው ምልክት ሁሉም ቀን ላይ ሊሆን ነው። ስትሪፑን በየትኛው ሰዓት ብንጠቀመው ይሻላል? ጠዋት ወይስ ልክ ከመብላቷ በፊት 9 ሰዓት ላይ?

ቆላው (ሸዋ ሮቢት) · ረቡዕ፣ ማታ 3፡20

አባቴ የወረደበት ቀን በ8 ሰዓት ገደማ ነበር ሁለት ጊዜ። እኔ ብሆን ከሦስቱ አንዱን ስትሪፕ ለዚያ ሰዓት አስቀምጥ ነበር።

ሲስተር ከክትትል · ሐሙስ፣ ጠዋት 12፡50

ከሦስቱ አንዱ ልክ ነው፣ ግን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ራሱን ጠይቁት። ክኒኑም ሰዓቱ ሊቀየር ይችላል፣ የስትሪፑ ሰዓት ደግሞ ክኒኑን ተከትሎ ነው የሚሄደው።